የጨጓራ እጢ ከአፉ እስከ ግርጌው፦ አሲዱን ማን ይሠራዋል፣ ማንስ ያዝዘዋል?

ለዱለት የሚከተፈውን ጨጓራ አጥቦ የሚያውቅ ሰው የጨጓራ ውስጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እንደ ፎጣ ሻካራ፣ ጥቃቅን ጣቶች የበቀሉበት። ያ የፍየል ወይም የበሬ ጨጓራ ግን ከእኛ ጨጓራ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። የሚያመነዥክ እንስሳ ጨጓራ አራት ክፍል አለው። ሻካራው ትልቁ ክፍል ሣሩ የሚብላላበት ማጠራቀሚያ ነው፤ ገጹ እንደ ቆዳ በተደራረቡ ጠንካራ ሴሎች የተሸፈነ ስለሆነ አሲድ የሚያመነጭ አንድም እጢ የለውም። የሰውን ጨጓራ የሚመስለው አራተኛው፣ ለስላሳውና የሚያዳልጠው ክፍል ብቻ ነው።

ይህን ያነሳሁት ጂማ ውስጥ ሂስቶሎጂ፣ የአካልን ክፍሎች በአጉሊ መነጽር የሚያጠናውን ትምህርት፣ የሚማር ተማሪ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ስለሆነ ነው። የሰው ጨጓራ ስላይድ ሲሰጠው ከገጹ ላይ ብቅ ያሉ ጣቶች ይፈልጋል። ጣት የመሰለው ነገር የትንሹ አንጀት ነው። የጨጓራ ገጽ የሚታወቀው ወደ ላይ በበቀለ ነገር ሳይሆን ወደ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ማንበብ ማለት ይህን ጉድጓድ ከአፉ እስከ ግርጌው መውረድ ማለት ነው። በየጥልቀቱ የሚገኘው ሴል ይለያያል፤ የሚያመነጨውም እንደዚያው።

ግድግዳው ከውስጥ ወደ ውጭ አራት ንብርብር አለው። ምግብ የሚነካው ሙኮሳ፣ ከሥሩ የደም ሥር የበዛበት ልል ንብርብር፣ ቀጥሎ ምግቡን የሚያሸው ጡንቻ፣ በመጨረሻም ስስ የውጭ ሽፋን። ጡንቻው ከሌላው የምግብ ቱቦ በተለየ ሦስት አቅጣጫ አለው፤ ከውስጥ ሰያፍ፣ መሐል ክብ፣ ከውጭ ደግሞ ቁመታዊ። ከዚህ በኋላ የምናወራው ግን ስለ ሙኮሳው ብቻ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አሲዱም፣ ኢንዛይሙም፣ ሆርሞኑም የሚወጣው ከዚያች ስስ ሽፋን ነው።

ጉድጓዱና አፉ

የሙኮሳው ገጽ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ሴል የተሸፈነ ነው። ረጃጅም ሴሎች እንደ አጥር ተደርድረው ቆመዋል፤ የላይኛው ግማሻቸው በሙከስ የተሞላ በመሆኑ በተለመደው ማቅለሚያ ገርጥቶ፣ ባዶ መስሎ ይታያል። ማቅለሚያው ሁለት ቀለም ነው፤ ሂማቶክሲሊን ኒውክሊየስን ሰማያዊ ሐምራዊ ያደርጋል፣ ኢዮሲን ደግሞ ብዙውን ፕሮቲን ሮዝ። ሙከስ ሁለቱንም እምብዛም አይቀበልም። ሙከሱን ማየት ከተፈለገ ስኳር ያለበትን ነገር ደማቅ ቀይ ሐምራዊ የሚያደርገውን የፓስ ማቅለሚያ መጠቀም ይበቃል፤ ያን ጊዜ የጨጓራው ገጽ በሙሉ ደማቅ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ይህ የገጽ ሴል የሚያወጣው ሙከስ ወፍራምና በቀላሉ የማይሟሟ ነው፤ በውስጡም ባይካርቦኔት ተይዟል። ስለዚህ ከሙከሱ በላይ ያለው ፈሳሽ ፒኤች 1 ወይም 2 ሆኖ ሳለ፣ ከሙከሱ ሥር፣ ሴሉን በሚነካው በኩል ፒኤቹ ወደ 7 ይጠጋል። ሁለቱን የሚለያያቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዝልግልግ ሽፋን ነው። የሴሎቹ ዕድሜም አጭር ነው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ያገለግሉና ይራገፋሉ። ቦታቸውን የሚይዙት ከሥር የሚመጡ አዳዲስ ሴሎች ናቸው።

ይኸው የገጽ ሽፋን ወደ ታች ሰርጎ ጉድጓዶችን ይሠራል። በጨጓራ ውስጥ 3.5 ሚሊዮን የሚያህሉ ጉድጓዶች እንዳሉ ይገመታል፤ ከእያንዳንዱ ግርጌ ደግሞ በርከት ያሉ ቱቦ መሰል እጢዎች ይጀምራሉ። ጉድጓዱና እጢው አንድ ነገር እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ጉድጓዱ የገጹ ሴል የቀጠለበት መተላለፊያ ነው፤ እጢው ከዚያ በታች ያለው፣ ሥራው የሚሠራበት ክፍል ነው።

የጉድጓዱና የእጢው ጥልቀት ንጽጽር ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ይናገራል። በጨጓራው ሰፊ አካል ጉድጓዱ ከሙኮሳው ውፍረት ሩብ ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ሦስት አራተኛ ቀጥ ብለው የወረዱ፣ የተጠጋጉ እጢዎች ናቸው። ወደ መውጫው በኩል ባለው ክፍል፣ አንትረም በሚባለው፣ ጉድጓዱ እስከ ግማሽ ይደርሳል፤ እጢዎቹ አጫጭር፣ የተጠማዘዙና ሙከስ ብቻ የሚያመነጩ የሚመስሉ ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙት፤ በኋላ የምንፈታው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ወደ እጢው መውረድ

የሰፊውን አካል አንድ እጢ እንውረድ። ከጉድጓዱ ግርጌ፣ እጢው በሚጀምርበት ጠባብ ቦታ ግንድ ሴሎች አሉ። ከእነሱ የሚወለደው ሴል ወይ ወደ ላይ ወጥቶ የገጽ ሴል ይሆናል፣ ወይ ወደ ታች ወርዶ የእጢ ሴል ይሆናል። ላይኛው በቀናት ሲያልቅ ታችኛው ብዙ ይቆያል፤ አሲድ ሠሪው ከ150 እስከ 200 ቀን፣ ኢንዛይም ሠሪው ከ60 እስከ 90 ቀን ይኖራል። ላዩ የተላጠ ጨጓራ በቀናት ውስጥ ሊሸፈን የሚችለው፣ እጢው ከነግንዱ ከጠፋ ግን መመለሻው የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ትንሽ ዝቅ ሲባል፣ በእጢው አንገት ላይ፣ በሌሎች መሐል የተጨመቁ ትናንሽ ሙከስ ሠሪዎች አሉ። የእነሱ ሙከስ ከገጹ ይልቅ ቀጭንና የሚሟሟ ነው። በተለመደው ማቅለሚያ ጎልተው ስለማይታዩ ጀማሪ ዐይን ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል።

ከዚያ ፓሪየታል ሴል ይመጣል። የእጢው ላይኛው ግማሽ በእሱ የተሞላ ነው፤ ወደ ታችም እዚህም እዚያም ይገኛል። ስላይድ ላይ በቀላሉ ይታወቃል፤ ትልቅ ነው፣ ከ20 እስከ 25 ማይክሮን ይሰፋል፣ ኒውክሊየሱ መሐሉ ላይ ክብ ሆኖ ተቀምጧል፣ ዙሪያው ደማቅ ሮዝ ነው። አስኳሉ መሐል ላይ የሆነ እንቁላል ጥብስ ይመስላል። ሮዝ የሆነበት ምክንያት ሚቶኮንድሪያ ነው፤ ከሴሉ ይዘት 40 በመቶ የሚሆነውን ይህ የኃይል ማመንጫ ይይዘዋል። ይህን ያህል ኃይል የሚያስፈልገው የሚሠራው ሥራ እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው። በደም ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን ከ1 ጋር ቢነጻጸር፣ ፓሪየታል ሴል በሚያወጣው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ይህን ሽቅብ መግፋት ያለ ኃይል አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሴሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ተዋሕደው አንድ ሃይድሮጅን አዮንና አንድ ባይካርቦኔት ይሰጣሉ። ሃይድሮጅኑን በእጢው በኩል ባለው ገጽ ላይ የተተከለ ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በምላሹ ፖታሲየም ያስገባል። ክሎራይድ በራሱ በር ይወጣል። ሁለቱ የሚገናኙት ከሴሉ ውጭ ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚባለው ነገር እዚያ ይፈጠራል እንጂ ሴሉ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ አይቀመጥም። ባይካርቦኔቱ ደግሞ በሌላኛው ወገን ወደ ደም ይወጣል። ከምግብ በኋላ ከጨጓራ የሚመለሰው ደም ትንሽ ወደ አልካሊ የሚያዘነብለው ስለዚህ ነው። በእጢዎቹ መሐል ወደ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ከዚህ ባይካርቦኔት ላይ ለገጹ ሴሎች ያደርሳሉ። አሲዱ በተሠራ ቁጥር መከላከያውም አብሮ ይሠራል ማለት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ከማውቃቸው አሠራሮች ሁሉ እንደዚህ የሚማርከኝ ጥቂት ነው።

ፓምፖቹ ሁልጊዜ ገጹ ላይ አይገኙም። ጨጓራው ሲያርፍ በሴሉ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቀምጠው ይቆያሉ። ትእዛዝ ሲመጣ ከረጢቶቹ ወደ ውስጥ ከታጠፈው የሴሉ ገጽ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ፓምፖቹም ሥራ ላይ ይውላሉ። ይህች ነጥብ ስለ መድኃኒት ስናወራ ትመለሳለች።

ፓሪየታል ሴል ሌላም ነገር ያመነጫል፤ ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚባል ፕሮቲን። ቫይታሚን ቢ12 በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ በወጉ የሚመጠጠው ከዚህ ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ ነው። አሲድ ባይኖር ሰው ይኖራል፤ ይህ ፕሮቲን ከጠፋና ማንም ካላወቀ ግን ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ደምና ነርቭ ላይ ይወጣል።

በእጢው ግርጌ የሚበዙት ቺፍ ሴሎች ናቸው። የፓሪየታል ተቃራኒ መልክ አላቸው፤ ኒውክሊየሱ ወደ ሥር ገባ ያለ፣ ሥሩ ሰማያዊ ሐምራዊ፣ ላዩ በጥቃቅን ፍሬዎች የተሞላ። ሰማያዊነቱ የሚመጣው ፕሮቲን የሚሠራው መሣሪያ በዚያ ስለተከማቸ ነው። የሚሠሩት ፔፕሲኖጅን ነው፤ ፔፕሲን ሳይሆን። ፔፕሲኖጅን ማንንም አይጎዳም። ወደ ላይ ፈስሶ አሲዱን ሲያገኝ፣ ፒኤች ከ5 በታች ሲሆን፣ አንድ ቁራጩ ይወልቅና ሥጋ የሚቆርጠው ፔፕሲን ይሆናል፤ በደንብ የሚሠራውም ፒኤች 2 አካባቢ ነው። ወደ አንጀት ወርዶ ባይካርቦኔት ሲያገኘው ሥራውን ያቆማል። አሲዱ ከፓሪየታል ሴል ውጭ እንደሚፈጠር ሁሉ ፔፕሲኑም ከቺፍ ሴል ውጭ ይፈጠራል። አደገኛው ነገር በየትኛውም ሴል ውስጥ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙት ሙከስ በተነጠፈበት በኩል ነው።

ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

ገና ያልተነሱ ሴሎች አሉ፤ በየእጢው ውስጥ ጥቂት ጥቂት ሆነው የተበተኑ ሆርሞን ሠሪዎች። በተለመደው ማቅለሚያ ገርጥተው፣ ምናልባት ጠርዛቸው ላይ ጥቃቅን ፍሬ ይዘው ይታያሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይታዩም። ክሮሞግራኒን የተባለውን ፕሮቲናቸውን በሚይዝ ልዩ የፀረ እንግዳ አካል ማቅለሚያ ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። ሦስቱን ብቻ ማወቅ ለዛሬ ይበቃል። በአንትረም የሚኖረው ጂ ሴል ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። በሰፊው አካል የሚኖረው ኢሲኤል ሴል ጋስትሪኑ ሲደርሰው ሂስታሚን ይለቃል፤ ጎረቤቱን ፓሪየታል ሴል አሲድ እንዲያወጣ የሚያዘው ዋናው ይህ ሂስታሚን ነው። ዲ ሴል ደግሞ ሶማቶስታቲን የሚባለውን ማቆሚያ ይለቃል፤ አንትረም ውስጥ አሲድ ሲበዛ ይነሣና ጂ ሴልን ጸጥ ያሰኛል።

ጠዋት ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ አንድ ስኒ ቡናን እንከተል። ጂማ ላይ አቦሉ ከቁርስ በፊት የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። ጀበናው ሲጤስ፣ ሽታው አፍንጫ ሲደርስ፣ ነርቭ አንጎልን ወክሎ ትእዛዙን ይጀምራል፤ ነርቩ ፓሪየታል ሴልን በቀጥታ፣ ጂ ሴልንም በተዘዋዋሪ ያነቃቃል። ቡናው ሲወርድ ጋስትሪን ይጨምራል፣ ሂስታሚን ይከተላል፣ ፓምፖቹ ወደ ገጹ ይወጣሉ። ካፌይን የወጣለት ቡናም አሲድን ያነሣል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በካፌይን ላይ ማላከክ ልክ አይደለም። ምግብ ቢኖር ፕሮቲኑ አሲዱን ይይዘው ነበር፤ ባዶ ሆድ ላይ ግን አሲዱ ሳይያዝ ይቆያል። ማቆሚያው ዲ ሴል ነው፤ አንትረም ፒኤቹ ሲወርድ ሶማቶስታቲን ይለቅና ጋስትሪኑን ይቀንሰዋል። ጤነኛ ጨጓራ ላይ ይህ ዑደት ራሱን ያስተካክላል፤ ቡናው ብቻውን ሙከሱን አይቀድድም።

ሙከሱን የሚያሳሳው ሌላ ነገር ነው። ለወገብ ሕመም የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪንም፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያስቆማሉ። ሙከስና ባይካርቦኔት እንዲመረት፣ ወደ ገጹም በቂ ደም እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። እንክብሉ በመርፌ መልክ ቢወሰድም ጉዳቱ አይቀርም፤ ሥራው በደም በኩል ስለሆነ። መርፌውን መርጦ ጨጓራዬን አዳንኩ የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ኦሜፕራዞል ከቁርስ በፊት የሚባለው ለምንድን ነው?

ከላይ የያዝናት ነጥብ እዚህ ትመለሳለች። ኦሜፕራዞል አሲድን የሚያጥብ አይደለም፤ ፓምፑን ይዞ እስከ መጨረሻ የሚቆልፍ ነው። የሚቆልፈው ግን ገጹ ላይ ወጥቶ እየሠራ ያለ ፓምፕ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው ፓሪየታል ሴሉ በፈጠረው አሲድ ውስጥ ሲገባ ነው። በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለበት ሰዓትና ፓምፖቹ የሚነቁበት ሰዓት መገጣጠም አለበት። ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ተውጦ፣ ቁርሱ ፓምፖቹን ሲያነቃ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይገኛል። ማታ ሳይበላ ዋጥ አድርጎ የሚተኛ ሰው የሚያርፉ ፓምፖች ላይ መድኃኒት እያባከነ ነው።

አንድ መጠን ሁሉንም ፓምፕ አይዘጋም፤ አዲስ ፓምፕም በየቀኑ ይሠራል። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን ተከታታይ ከተወሰደ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አልረዳኝም ብሎ መድኃኒት መቀየር የተለመደ ስሕተት ነው። ሌላው ስሕተት ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን መፍጨት ነው። ፍሬዎቹ የተለበጡት ጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ መድኃኒቱን እንዳያበላሸው ነው፤ ልባጡ አንጀት ሲደርስ ይሟሟል። ተፈጭቶ የተዋጠ ኦሜፕራዞል የሚበላሸው ሊዘጋው ባሰበው አሲድ ነው።

ሁለት ጠርሙስ፣ አንድ ስሕተት

አሁን ሁሉንም በአንድ ጉዳይ ላይ እናሠራው። ዕድሜዋ 52 የሆነች ሴት ለወራት ደክሟታል እንበል፤ ምላሷ ይቆጠቁጣታል፣ እግሮቿ ይደነዝዛሉ። ሂሞግሎቢኗ ወደ 8 ወርዷል፤ ቀይ የደም ሴሎቿ ግን ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው፣ አማካይ መጠናቸው 118 ፌምቶ ሊትር፣ ከ100 መብለጥ ሳይገባው። የብረት እጥረት ቢሆን ያነሱ ነበር። ሐኪሟ በኢንዶስኮፕ ጨጓራዋን አይቶ ናሙና ይወስዳል።

በደንቡ መሠረት ናሙናው አምስት ነው፤ ሁለት ከአንትረም፣ አንድ ከመታጠፊያው፣ ሁለት ከሰፊው አካል። አስፈላጊው ነገር የአንትረሙና የአካሉ በየራሳቸው ጠርሙስ መሆናቸው ነው፤ በጠርሙሱ ላይም ቦታው ተጽፎ መሆን አለበት። ሁሉም በአንድ ጠርሙስ ከተደባለቁ ይህ ጉዳይ ሊፈታ አይችልም፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

ናሙናዋ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለባት። ጨጓራ የራሱን ኢንዛይም የተሸከመ አካል ስለሆነ ከሌላው ቶሎ ራሱን ይበላል፤ መጀመሪያ የሚራገፈውም የገጹ ሴል ነው። በጨው ውሃ ለሰዓታት የተቀመጠች ናሙና ገጿ ተልጦ ትመጣለች፤ ያየው ሰው ቁስል ሊመስለው ይችላል። 10 በመቶ የሚባለው አሳሳች ነው። ገበያ የሚመጣው ፎርማሊን ራሱ ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ የያዘ ነው፤ 10 በመቶ ማለት ከዚያ ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር ወስዶ በ900 ሚሊ ሊትር ፒኤቹ በተስተካከለ ውሃ ማቅጠን ነው። አራት እጅ ብቻ የሚያቀጥነው ሰው ከሚገባው ሁለት እጥፍ ተኩል የጠነከረ ይሠራል። የፈሳሹ ብዛት ደግሞ ቢያንስ ከናሙናው አሥር እጥፍ ይሁን፤ ከ6 ሰዓት ጀምሮ እስከ አንድ ቀን ይቆይ።

ናሙናው በሰም ተይዞ በ4 ማይክሮን ሲቆረጥ ሌላ ስሕተት ይጠብቃል። ጉድጓድና እጢ ከላይ እስከ ታች እንዲታዩ ሙኮሳው ጎኑን ይዞ መቆም አለበት። ተኝቶ ከተቆረጠ እጢዎቹ እንደ ቀለበት ብቻ ይታያሉ፤ የጉድጓዱ ጥልቀት አይለካም። እንዲህ ካለ ስላይድ ላይ እጢው ሳስቷል ብሎ መጻፍ አይቻልም። ሰሙ ተቀልጦ፣ ናሙናው ተገልብጦ እንደገና ይቆረጣል።

እንግዲህ «ሰፊው አካል» ከተባለው ጠርሙስ የመጣው ስላይድ ይህን ያሳያል፦ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ አጫጭር ሙከስ ሠሪ እጢዎች፣ አንድም ሮዝ ሴል የለም፣ አንድም ሰማያዊ ግርጌ የለም፣ እዚህም እዚያም የሊምፍ ሴል ክምችት። የችኮላው መልስ «ይህ አንትረም ነው፣ ጠርሙሱ ተቀያይሯል» የሚል ነው። መልኩ በእርግጥ አንትረምን ይመስላል። ግን ሌላ ዕድል አለ፤ ፓሪየታሎቹና ቺፎቹ ጠፍተው፣ በቦታቸው ሙከስ ሠሪ የተተካበት ሰፊ አካል ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በተለመደው ማቅለሚያ አይለዩም።

የሚለያቸው ማን የት እንደሚኖር ማወቅ ነው። ጂ ሴል የሚኖረው አንትረም ውስጥ ነው። ለጋስትሪን የሚሆነው ልዩ ማቅለሚያ ሲደረግ በእጢው አንገት ላይ ቡናማ ሴሎች ከወጡ ናሙናው የአንትረም ነው። ምንም ካልወጣ ናሙናው መልኩ የተለወጠ ሰፊ አካል ነው። በሴትየዋ ናሙና ላይ አንድም አልወጣም። ክሮሞግራኒን ሲደረግ ደግሞ ኢሲኤል ሴሎች ተደርድረውና ተጠቃለው፣ ከመደበኛው እጅግ በዝተው ታዩ። የአንትረሙ ጠርሙስ ናሙና ግን ደህና ነው፤ ጂ ሴሎቹ በዝተውበታል።

አሁን ከላይ የተናገርነውን ዑደት ወደ ኋላ እናንብበው። የራሷ የሰውነት መከላከያ ፓምፑንና ኢንትሪንሲክ ፋክተርን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፓሪየታሎቹን አጥፍቷል። አሲድ የለም። አሲድ ስለሌለ ዲ ሴሉን የሚያነሣው የለም፤ ጂ ሴሉን የሚያስቆመው ስለጠፋ ጋስትሪን ያለ ልክ ይለቀቃል፤ ጋስትሪኑ ኢሲኤል ሴሎችን እያባዛ ይሄዳል። ትእዛዙ እየጮኸ ነው፣ ሠራተኛው ግን የለም። በደሟ ውስጥ ጋስትሪን ሲለካ በጣም ከፍ ብሎ ይገኛል። ደም ማነሱም የመጣው ኢንትሪንሲክ ፋክተር ስለጠፋ ቢ12 ባለመመጠጡ ነው፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ወስዷል።

ሁለት ነገር ይህን ሊመስል ስለሚችል መለየት አለበት። አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1982 (እንደ ፈረንጆች) ያሳዩት፣ በ2005 ኖቤል የተሸለሙበት ባክቴሪያ። ይህ ሲሆን ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከአንትረም ይጀምርና ወደ ላይ ይሄዳል፤ በሴትየዋ ግን አንትረሙ ደህና ነው። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ነው። እሱም አሲዱ ስለተዘጋ ጋስትሪኑ ይጨምራል፤ ስላይዱ ላይ ግን ፓሪየታሎቹ በቦታቸው አሉ፣ እንዲያውም አብጠው ወደ እጢው ቀዳዳ ያፈነገጡ ይመስላሉ። ስለዚህ የጋስትሪን ውጤት ከመነበቡ በፊት ታካሚው ይህን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ለባክቴሪያው የሚደረገው ምርመራም በመድኃኒቱ ሊሸፈን ይችላል፤ ቢያንስ 2 ሳምንት አቁሞ መመርመር ይሻላል።

ለሴትየዋ ሥጋና ጉበት ብዪ ማለት አይበቃም። ቢ12 በጾም ምክንያት ላነሰው ሰው፣ ፓሪየታሎቹ እስካሉ ድረስ፣ ምግቡ ሲመለስ ቫይታሚኑም ይመለሳል። እሷ ግን ብትበላም የሚይዝላት ፕሮቲን የላትም። በመርፌ ይሰጣታል፤ ወይም በአፍ በቀን ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮ ግራም፣ ምክንያቱም ያለ ኢንትሪንሲክ ፋክተር የሚያልፈው ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢሰጣት ደሟ ሊሻሻል ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ከሥር መቀጠሉ አይቀርም። መደንዘዙ የጀመረው እግር ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ የዘገየ ወር ይቆጠራል። ኢሲኤል ሴሎቹ የተባዙበት ጨጓራ ደግሞ ትናንሽ እብጠቶች ሊያወጣ ስለሚችል ኢንዶስኮፑ በየተወሰነ ዓመት ይደገማል፤ ያን ጊዜም ናሙናዎቹ በየቦታቸው፣ ስማቸው ተጽፎ፣ በሁለት ጠርሙስ ይግቡ።